አዲሷን ባልደረባ በመላው ሠራተኛ ፊት እንዴት ላስተዋውቃት?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት አስመጥቶ በሚያከፋፍል ድርጅት የመጋዘን ቡድን መሪ ነኝ። ዓርብ የመላው ሠራተኛ ስብሰባ አለን። አዳራሹ ውስጥ ወደ 140 ሰው ይኖራል፤ የሐዋሳና የደሴ ቅርንጫፎች በዙም ይገባሉ። ባለፈው ሰኞ ሥራ የጀመረችውን የክምችት ተቆጣጣሪ እንዳስተዋውቅ ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ስሟን ትዕግሥት እንበለው። የጻፍኩት ይህ ነው፦ ‹ክቡራን ሠራተኞች፣ ከአገሪቱ ታላላቅ የመድኃኒት አስመጪዎች በአንዱ ለስምንት ዓመታት በልዩ ልዩ ኃላፊነቶች ያገለገለችውን፣ በፋርማሲ የመጀመሪያ፣ በአቅርቦት ሰንሰለት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያላትን፣ የረጅም ጊዜ የመጋዘን ችግራችንን ከሥሩ እንደምትፈታልን ሙሉ እምነት የጣልንባትን ወጣት፣ ታታሪና ትሑት ባለሙያ ትዕግሥትን ሳስተዋውቃችሁ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል።› የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። ቦታውን በተጠባባቂነት ይዘው የቆዩት አንጋፋው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛችን፣ ጋሽ አበራ እንበላቸውና፣ ተወዳድረው አላለፉም። እሳቸውም እዚያው ይቀመጣሉ። ምን ብል ይሻላል?»

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሴትዮዋ ስም የሚመጣው ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ነው። ወረቀት ላይ ችግር የለውም፤ አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያያል። አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ስለ ማን እንደምትናገር ሳያውቅ ዓመትና ዲግሪ ሲቆጠርለት ይቆያል፣ ስሟ ጋ ስትደርስ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። «ታላቅ ደስታ» ስትል ደግሞ ጭብጨባው ይነሣና ስሟን ይውጠዋል። ሻይ ሲጠጣ ጎረቤቱን «ማን አላት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታገኛለህ። ስለዚህ ስሟ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነገር፣ ትንሽ አረፍ በል፣ መሐል ላይ ድገመው፣ መዝጊያህም ስሟ ይሁን። ሦስት ጊዜ የተነገረ ስም ሐዋሳ በሚቆራረጥ መስመር ለሚሰማው ሰውም ይደርሳል።

አሁን ወደ ይዘቱ እንሂድ። የጻፍከው ለቅጥር ኮሚቴ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ኮሚቴው ግን ሥራውን ጨርሷል፣ ትዕግሥት ተቀጥራለች። የተሰበሰበው ሰው «ይህች ሴት ብቁ ናት ወይ?» ብሎ ሊፈርድ አልመጣም፤ ፍርድ የሚያስጀምረው እንዲያውም የአንተ ማስረጃ መደርደር ነው። ሠራተኛው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይህች ሰው ማን ትባላለች? ከእኔ ሥራ ጋር የምትገናኘው የት ላይ ነው? በምን ጉዳይ ልደውልላት? እስከ ዛሬ የምደውልለት ሰው ከእንግዲህስ ምን ይሠራል? ለእነዚህ መልስ ከሰጠህ ማስተዋወቅህ ከመቀመጫው ሲነሣ የሚረሳ አይሆንም፤ በማግሥቱ ሥራ ላይ ይውላል።

የሁሉም ክፍል ጥያቄ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ከእሷ ሥራ ጋር በየቀኑ የሚነካኩትን ሁለት ክፍሎች ብቻ ምረጥ። በአንተ ድርጅት ሽያጭና ሾፌሮች ይመስሉኛል። የሽያጭ ሠራተኛ ለደንበኛ ቃል የሚገባው መድኃኒቱ ስንት ወር እንደቀረው ሳያረጋግጥ ከሆነ፣ ዕቃው ሲደርስ ጤና ተቋሙ «ቀሪ ጊዜው አጭር ነው» ብሎ ይመልሰዋል፣ ጭቅጭቁም መጋዘን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሽያጭ ከትዕግሥት ሥራ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ቃል ከመግባቱ በፊት እንዲደውል። የሾፌሮቹ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊንና አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ደንበኛ ሳይረከበው የተመለሰ ካርቶን በር ላይ ሲደርስ፣ አንድ ደግ ሰው «እንዳይበላሽ» ብሎ ቶሎ ፍሪጅ ውስጥ ቢከተው፣ ከዚያ በኋላ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። መንገድ ላይ ሞቆ ይሁን፣ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ቀዝቅዞ ይሁን፣ በዓይን አይለይም። ሾፌሩ መጀመሪያ ለእሷ ማሳወቅ እንዳለበት በዚያ አዳራሽ ቢሰማ፣ ስለ ሁለተኛ ዲግሪዋ ከሚሰማው የበለጠ ይጠቅመዋል። ባለሙያነቷም ያን ጊዜ ይታያል፤ ከሥራው ጋር ተያይዞ ስለተነገረ ማንም «ጉራ ነው» አይለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ ብዙ ማስተዋወቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። መድረክ ላይ አዲስ አሠራር አታውጅ። «ከሰኞ ጀምሮ ያለ ትዕግሥት ፊርማ ዕቃ አይወጣም» ብትልና የሽያጭ ኃላፊው ይህን የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ እጁን ያወጣል። ትክክልም ይሆናል። ሁለት ደቂቃህ ወደ ክርክር ይቀየራል፣ እሷም ቆማ የሁለት ክፍል ሙግት መሐል ትገኛለች። ሰው የሚያስታውሳት ደግሞ በዚያ ነው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ለሽያጭ ኃላፊው ሄደህ ስለ እነሱ የምትላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር አንብብለት። ከተስማማ በላት። ካልተስማማ «የቀሪ ጊዜ ጥያቄ ካላችሁ እሳቸው ይመልሱላችኋል» በማለት ብቻ እለፍ፤ ፊርማውን በሌላ ስብሰባ ትጨርሱታላችሁ።

ከረቂቅህ የሚወጡትን ቃላት አንድ በአንድ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው የሚጎዱት ሰው አለ።

«የረጅም ጊዜ የመጋዘን ችግራችንን ከሥሩ እንደምትፈታልን» የሚለው ቀድሞ ይውጣ። ጋሽ አበራ የሚሰሙት «እስከ ዛሬ የነበሩት ሰውዬ አልቻሉም» የሚል ነው። አጠገባቸው የተቀመጡትም እንደዚያው ይሰሙና ዘወር ብለው ያዩአቸዋል። አንተ ግን ስማቸውን እንኳ አልጠራህም። ጉዳቱ በእሳቸው ብቻ አያበቃም። ትዕግሥት ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በእነዚያ ቀናት አንተ የምትገመግማት በሥራ ዝርዝሯ ነው፤ አዳራሹ ግን የሚገመግማት አንተ በአደባባይ ቃል በገባህላት ነገር ይሆናል። ወር ሳይሞላ ጊዜው ያለፈበት አንድ ካርቶን መደርደሪያ ጥግ ቢገኝ «ከሥሩ ትፈታለች የተባለችው የታለች?» ይባላል። ያልገባችው ቃል ዕዳ ይሆንባታል።

«ከታላላቅ አስመጪዎች በአንዱ» የሚለውም ይቅር። ስሙን ባትጠራው እንኳ በዚህ ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የት እንደነበረች በደቂቃ ያውቃል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይከተላል። አንዱ ወሬ ነው፤ «ስንት ከፍለው አመጧት?» የሚል። ሌላው የሚከብደው ነው፤ ሻይ ሰዓት ላይ አንድ የሽያጭ ሰው ቀረብ ብሎ የድሮ መሥሪያ ቤቷን ዋጋና ደንበኛ ይጠይቃታል። ሚስጥር ልትጠብቅ የሚገባት ሰው በመጀመሪያ ሳምንቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ውስጥ መግባት የለባትም። «በመድኃኒት መጋዘን ሥራ ስምንት ዓመት ቆይተዋል» ማለት ይበቃል። ልምዷ ይነገራል፣ መሥሪያ ቤቱ አይነሣም።

«ወጣት፣ ታታሪና ትሑት» ያልከው በደግ ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አስበው። ታታሪነቷን አዳራሹ ራሱ ያያል፤ አንተም ካወቅካት ገና ቀናት ናቸው። «ወጣት» ስትል፣ ከእሷ በዕድሜ ለሚበልጡ ሰዎች «ልጅ ናት» ብለህ አሳልፈህ መስጠትህ ነው። «ትሑት» ደግሞ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የባሰ ምርጫ ነው። የክምችት ተቆጣጣሪ በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ «ይህ አይወጣም» ትላለች! ትሑት ተብላ የተዋወቀች ሴት «አይሆንም» ያለች ቀን «ተለወጠች፣ ጀነነች» ትባላለች። ለወንድ አዲስ ባልደረባ ይህን ቃል ትጠቀም ነበር ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ።

አሁን ወደ ጋሽ አበራ። ጭንቀትህ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን በመድረክ ንግግርህ ውስጥ አይገኝም። ረቡዕ ለብቻቸው አግኛቸው፣ ቢሮ ጠርተህ ሳይሆን ወደ እሳቸው ሄደህ። «ጋሽ አበራ፣ ዓርብ ትዕግሥትን አስተዋውቃለሁ። የምለው ይህ ነው» በልና ጽሑፉን ስጣቸው፣ ያንብቡት። ማጽናኛ አትደርድር፣ ለምን እንዳልተመረጡም በዚያ ሰዓት አታንሣ፤ እሱ የሥራ አስኪያጁና የሰው ሀብት ክፍሉ ዕዳ ነው፣ ካልነገሯቸው እንዲነግሯቸው አንተ ገፋ አድርግ። የአንተ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የእርስዎን ሥራ በትክክል ጽፌዋለሁ ወይ?» የሚል። ሊያርሙህ ይችላሉ። ካረሙህ ተቀበል፤ የሚቀጥሉት ሳምንታት በዚያች እርማት ላይ ይቆማሉ።

በንግግሩ ውስጥ ስማቸው ይነሣ ወይስ ይቅር? ይነሣ፣ ግን በሥራቸው። ካልተነሣ 140 ሰው «ጋሽ አበራ ተነሡ ማለት ነው?» ብሎ ይወጣል፤ ሰኞ ዕለት ዕቃ ለመረከብ የመጣ ሰውም ማን ጋ እንደሚሄድ ይቸግረዋል። «ዕቃ መረከብና ማስረከብ እንደ ድሮው ከጋሽ አበራ ጋር ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይመልሳል። ምስጋናውን ግን እዚያ አትጨምርበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከእኔ ጋር አይስማማም፤ «ባንድ መድረክ ማመስገን ክብር ነው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። የነበረውን ሰው አመስግኖ ወዲያው አዲሱን ማስገባት በየመሥሪያ ቤቱ የጡረታ ሽኝት ሥርዓት ነው። ሰው የሚሰማው ስንብት ነው፣ እሳቸውም የሚሰሙት ያንኑ ነው። በተጠባባቂነት ለሠሩት ሥራ ምስጋና ይገባቸዋል፤ እሱን ሥራ አስኪያጁ በሌላ አጀንዳ፣ በሥራ ዘገባው ላይ፣ ሥራውን ጠርቶ ይናገረው። ለምሳሌ የሰኔ 30 ቆጠራን እሳቸው መርተውት ከሆነ፣ ቆጠራው ሲነሣ ስማቸው አብሮ ይነሣ። ያ ምስጋና ለሠሩት ሥራ ነው፤ ላጡት ቦታ ካሣ አይመስልም።

ሐሙስ ደግሞ ከትዕግሥት ጋር ተቀመጥ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። የምትለውን ሁሉ አንብብላትና «እንዲወጣ የምትፈልጊው አለ?» በላት። አንዳንድ ሰው የትምህርት ቤቱ ስም እንዲነሣ አይፈልግም፣ አንዳንዱ የቀድሞ ሥራውን። ምክንያት አትጠይቃት፣ ዝም ብለህ አውጣው። ሁለተኛ፣ ስሟን ጠይቃት። ትዕግሥት የሚባል ሰው በድርጅታችሁ ሌላ ካለ፣ ለምሳሌ ሒሳብ ክፍል፣ የአባቷን ስም ጨምረህ መጥራት ግድ ነው፤ አለበለዚያ የመጋዘን ስልክ ለሒሳቧ ትዕግሥት ሲደወል ይከርማል። ሦስተኛ፣ መናገር ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት። ካልፈለገች እዚያው ይብቃ፤ ቆማ እጇን ማንሣቷ በቂ ነው። ከፈለገች አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ታዘጋጅ፤ ቢሯ የት እንደሆነና መቼ እንደምትገኝ ብትናገር ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሳትነግራት መድረክ ላይ «እስኪ አንድ ነገር በይን» ማለት ነው። ሰው እንዲህ ሲያዝ የሚወጣው ቃል የራሱ አይደለም።

የማንነት ጥያቄዎችም አሉ። አዳራሹ ሞቅ ካለ መድረክ መሪው ወይም ከኋላ የተቀመጠ ሰው «አግብታለች?» ወይም «አገሯ የት ነው?» ይላል፣ ሰውም ይስቃል። እሷም ፈገግ ትላለች፤ ምን ታድርግ! ይህ እንዳይሆን መድረክ መሪውን ቀድመህ አነጋግረው፦ «ስለ ትዳርና ስለ ትውልድ ቦታ እንዳታነሣባት።» ሰው ከጮኸ አንተው መልስ፤ «ስለ ሥራው ጥያቄ ካለ ደስ ይለኛል» በልና ወደሚቀጥለው ሂድ። ድምፅህን አትቀይር፣ አትገሥጽም፤ ንግግሩን ብቻ ቀጥል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የአክብሮት አጠራር ጉዳይ አለ። ረቂቅህ ላይ «ያገለገለችውን፣ ያላትን» ብለሃታል። በቢሮ ስትገናኙ አንቺ ብትላት የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። መድረክ ላይ ግን ጋሽ አበራን በአንቱታ እየጠራህ እሷን በአንቺታ ብትጠራት፣ ሁለት ስም በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለት ደረጃ ይይዛል። በዚያው ዕለት ሌላ ክፍል አንድ ወንድ ቢያስተዋውቅና «አቶ እገሌ ይባላሉ» ቢል ደግሞ ልዩነቱ ለሁሉም ይሰማል። በዕድሜ ለሚበልጧት ሰዎች «አይሆንም» ማለት የሥራዋ አካል ስለሆነ፣ በአንቱታ አስተዋውቃት። ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት ማለት ግን የትዳሯን ነገር ይናገራልና ሙያዋን ማስቀደም ይሻላል፤ ፋርማሲስት ትዕግሥት በላት። አንዴ ከጀመርክ እስከ መጨረሻው በዚያው ሂድ፣ መሐል ላይ ወደ «እሷ» አትመለስ። «ኧረ ይከብደኛል፣ አንቺ በለኝ» ካለችህ ደግሞ ምርጫው የእሷ ነው። ያን ጊዜ ሌሎቹ አዲስ ሠራተኞች እንዴት እንደሚጠሩ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቅና እኩል አድርጉት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስታስተካክል የሚወጣው ንግግር እንደዚህ ያለ ነው፦

«እንደምን አደራችሁ። መጋዘን ክፍል አዲስ ባልደረባ አሉን። ፋርማሲስት ትዕግሥት ይባላሉ፤» እዚህ ላይ የአባቷን ስም ጨምር፣ አረፍ በል፣ እሷም ትቁም። «ከሰኞ ጀምሮ የክምችት ተቆጣጣሪያችን ናቸው። የትኛው መድኃኒት ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ይከታተላሉ። የትኛው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይተዋል።

«የሽያጭ ባልደረቦች፣ መድኃኒቱ ስንት ወር እንደቀረው ማወቅ ስትፈልጉ፣ ለደንበኛ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ለፋርማሲስት ትዕግሥት ደውሉ። ሾፌሮች፣ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ ዕቃ ተመልሶ ከመጣ፣ ፍሪጅ ሳታስገቡት መጀመሪያ ለእሳቸው አሳውቁ። በዓይን አይታወቅም፤ እሳቸው አይተው ይወስናሉ። ዕቃ መረከብና ማስረከብ እንደ ድሮው ከጋሽ አበራ ጋር ነው።

«በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በየክፍሉ እየመጡ አሠራራችሁን ይጠይቃሉ፣ ጊዜ ስጧቸው። ሐዋሳና ደሴ፣ እናንተን በስልክ ያገኟችኋል። እንኳን ደህና መጡ፣ ፋርማሲስት ትዕግሥት።»

ሲነገር ከሁለት ደቂቃህ በታች ነው፣ የተረፈውን ለእሷ ተውላት። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት ሆን ተብሎ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በረጅም ዓረፍተ ነገር ሰሚው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው አፍህን ስትዘጋ ነው። ሐሙስ ማታ ስልክህ ላይ ቅዳና ስማው። ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈለው። ዓርብ ወረቀቱን ይዘህ አታንብብ፤ በትንሽ ካርድ ላይ ስሟን ከነአባቷ፣ የሥራ መጠሪያዋን፣ «ሽያጭ፣ ሾፌር፣ ጋሽ አበራ» ብለህ ጻፍ። እነዚህን ካየህ ሌላው ራሱ ይመጣል። ስሟን ግን በቃልህ የምታውቀው ቢሆንም ከካርዱ ላይ አይተህ ጥራ፤ ሰው ፊት ሲቆም የሚጠፋው የሚያውቀው ስም ነው።

ስለ ዙሙ ሁለት ነገር ብቻ። ከፊት ረድፍ፣ ካሜራው ከሚያያት ቦታ ትቀመጥ፤ ስትቆም ካሜራውን ወደ እሷ የሚያዞር ሰው አስቀድመህ መድብ። ማይክ የያዝከው አንተ ብቻ ከሆንክ ደግሞ፣ እሷ ስትናገር ይሰጣት። አዳራሹ ድምፅዋን ያለ ማይክ ይሰማል፣ ደሴ ግን አይሰማም፤ የደሴ ሰዎች የሚያዩት አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስብሰባው እንዳለቀም በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሟን፣ የሥራ መጠሪያዋን፣ የቢሮ መሥመር ቁጥሯንና ያቺን የሾፌሮች መልእክት ጻፍ። የግል ስልኳን ያለ ፈቃዷ አትለጥፍ።

ማስተዋወቅህ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግርህ ጭብጨባው አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። የቀሪ ጊዜ ጥያቄ አሁንም ወደ ጋሽ አበራ የሚሄድ ከሆነ፣ ለሽያጭ ያልካት ዓረፍተ ነገር አልደረሰችም ማለት ነው። የሽያጭ ኃላፊው በራሱ የጠዋት ስብሰባ ላይ እንዲደግማት ለምነው። ጥያቄው ወደ አንተ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መልሱን ብታውቀው እንኳ አትመልስ፤ «እሱን ፋርማሲስት ትዕግሥት ይነግሩሃል፣ ላገናኝህ» በልና መሥመሩን አዙርላት። ይህን ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር አድርገው። ጋሽ አበራም ስልክ ሲመጣባቸው እንደዚሁ እንዲያደርጉ ረቡዕ ዕለት ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩበት፤ ጽሑፉን ካነበቡና ካረሙት እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።